አክሲዮኑን ሸጫለሁ፤ ገንዘቡ የት ሄደ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሐሙስ ዕለት አክሲዮን ሸጥኩ፤ «ተሽጧል» የሚል መልእክትም ወዲያው ደረሰኝ። ገንዘቡን ወደ ባንክ ላዛውር ስል ግን አልቻልኩም። ለምን?

መልስ፦ ሐሙስ ያለቀው ውሉ ነው፤ ርክክቡ ገና ነበር። በአሜሪካ ገንዘብና አክሲዮን የሚለዋወጡት በማግስቱ የሥራ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. እስከ ሜይ 2024 ድረስ ሁለት የሥራ ቀን ይፈጅ ነበር። የሐሙሱ ሽያጭዎ ዓርብ ይጠናቀቃል፤ ዓርብ ቢሸጡ ግን ሰኞን ይጠብቃሉ።

በመሀል ኤን.ኤስ.ሲ.ሲ. የተባለው አጣሪ ተቋም ይገባል። ለሻጩ ገዢ፣ ለገዢው ሻጭ ይሆናል፤ ስለዚህ የገዢው ደላላ ድርጅት ቢከስር እንኳ የእርስዎ ደላላ ክፍያውን ያገኛል። ሒሳቡንም ያቻችላል። የአንድ ደላላ ደንበኞች የአንድን ኩባንያ 1,000 አክሲዮን ገዝተው 900 ቢሸጡ፣ ደላላው የሚረከበው 100 ብቻ ነው።

ይህ ዋስትና የሚቆመው ደላሎቹ በሚያስይዙት ገንዘብ ነው። ዋጋ ሲዋዥቅና ያልተጠናቀቀ ግብይት ሲከማች መያዣው ይጨምራል። በጃንዋሪ 2021 የጌምስቶፕ አክሲዮን ሲተኮስ ሮቢንሁድ የተባለው ደላላ ግዢን ያገደው ሸፍጥ ስለነበረ ነው ያሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ይህ ድንገተኛ የመያዣ ጥያቄ ነበር እላለሁ። የመጠበቂያው ቀን ማጠሩም ይህንኑ ጫና ያቀልላል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ በጥሬ ገንዘብ ሒሳብ፣ ገና ባልደረሰዎት የሽያጭ ገንዘብ ሌላ አክሲዮን ከገዙ፣ የመጀመሪያው ሽያጭ ሳይጠናቀቅ አዲሱን አይሽጡት። ደላላው እንደ ጥፋት ይመዘግብብዎታል።