የመጋዘን ኮምፒውተርን ከውጭ ስለ መክፈት

በኮምቦልቻ መጋዘኑ ባለ ኮምፒውተር የዕቃ ዝርዝሩን የሚያኖር ነጋዴ፣ ከደሴ ሱቁ ሆኖ ዝርዝሩን ለማየት ቢሞክር አይከፈትለትም። ራውተሩ ከውጭ የመጣውን ጥያቄ ከውስጥ ላለው ለየትኛው መሣሪያ እንደሚያደርስ ስለማያውቅ ይጥለዋልና።

ስለዚህ ነጋዴው አስቀድሞ ለኮምፒውተሩ የማይለወጥ የውስጥ አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.20፣ ይስጠው። ከዚያም በራውተሩ ገጽ Port Forwarding በሚለው ክፍል፣ በውጭ ቁጥር 8443 የሚመጣው የTCP ጥያቄ ወደዚሁ አድራሻ፣ ወደ ቁጥር 443 እንዲተላለፍ ይጻፍ። ሙከራው በመጋዘኑ ዋይፋይ ሳይሆን በሞባይል ዳታ ይደረግ፤ አንዳንድ ራውተር ከውስጥ ተነሥቶ ወደ ራሱ የውጭ አድራሻ የሚመለሰውን ጥያቄ አይቀበልምና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ገጹ ያልተከፈተ እንደ ሆነ፣ በራውተሩ WAN IP ተብሎ የተመለከተው ቁጥር ይታይ። በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ፣ አንዱን የውጭ አድራሻ ብዙ ደንበኞች በጋራ ይዘውታል ማለት ነው፤ በነጋዴው ራውተር ላይ የሚጻፍ ትእዛዝ ብቻውን አይረዳም። ያን ጊዜ ለብቻ የሆነ የውጭ አድራሻ ከአገልግሎት ሰጪው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለባለቤቱ የተከፈተ በር ለሌባም ክፍት ስለ ሆነ፣ ገጹ ያለ ጠንካራ የይለፍ ቃል አይተው።