ቀልድ ቅያሜ ሲሆን

አንድ ቀልድ ሁለት መልክ አለው። አንዱ ተናጋሪው ያሰበው ነው። ሌላው አድማጩ ጆሮ የደረሰው ነው። ሁለቱ ሳይገናኙ ሲቀሩ ተናጋሪው ይስቃል፤ አድማጩ ግን ይከፋዋል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚባለውም ለዚህ ነው። ታዲያ ቀልዳችን በክፉ ከተተረጎመ በኋላ ነገሩን እንዴት እናስተካክለዋለን? ሐሳባችንን ስንገልጽ ክርክር የያዝን እንዳንመስል ምን ማለት አለብን? በዚህ ትምህርት አንድ ምሳሌ ወስደን ይህን እንመለከታለን።

የሁለት ገበሬዎች መቀናጆ

አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው ማሳቸውን በየተራ ያርሳሉ። ይህ መቀናጆ ይባላል። ለትምህርቱ እንዲመቸን አንደኛውን ገበሬ አበራ፣ ሁለተኛውን ደምሴ እንበላቸው።

ወሩ ሰኔ ነው። ተራው የአበራ ስለሆነ የአበራ ማሳ ይታረሳል። እርፉን የያዘው አበራ ነው። ደምሴ ጅራፍ ይዞ ከበሬዎቹ ጎን ይሄዳል። ሁለት ጎረቤቶች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያያሉ። የደምሴ በሬ ከስቷል፤ እርምጃውም ዘገም ያለ ነው። አበራ ይህን አይቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«የእኔ በሬ ያርሳል፤ የአያ ደምሴ በሬ ደግሞ ይሸኘዋል!» አለ።

ጎረቤቶቹ ሳቁ። አበራም ሳቀ። ደምሴ ግን አልሳቀም። ጥቂት ቆየና ጅራፉን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ፀሐዩ በርትቷል፤ በሬዬን ልፍታ» አለ። ሰዓቱ ግን ገና ረፋድ ነበር።

አበራ ያሰበው በሬዎቹን ብቻ ነው። አንዱ ፈጥኖ፣ ሌላው ዘግይቶ ሲሄዱ እንግዳ የሚሸኝ ሰው መስለው ታዩት። ደምሴ የሰማው ግን ሌላ ነው። የደምሴ ጭድ ያለቀው በግንቦት ነው። በሬው የከሳው በዚህ ምክንያት ነው። ባለፈው ሳምንትም ገበያ ላይ አንድ ሰው «ይህን በሬ ብለህ ትነዳለህ?» ብሎት ነበር። ስለዚህ የአበራ ቀልድ ጆሮው ሲደርስ «አንተ ድሃ ነህ፤ የምታርሰው በእኔ በሬ ነው» የሚል ሆነ። ቃሉ አንድ ነው፤ ያረፈው ግን ቁስል ላይ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በአንድ በሬ አይታረስም። ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ደግሞ ደጋግሞ መታረስ ይፈልጋል። በሰኔ መቀናጆው ከፈረሰ ሁሉም ሰው ቀድሞ ስለተቀናጀ ሌላ ባለ አንድ በሬ ማግኘት ያስቸግራል። በአንድ ቀልድ የሁለት ቤት ዘር ሊዘገይ ነው ማለት ነው።

ቀልዱ እንደከፋ በምን እናውቃለን?

የተከፋ ሰው ሁልጊዜ አይቆጣም። ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ሲያወራ የነበረው መልሱን ያሳጥራል፤ «እሺ»፣ «ይሁን» ብቻ ይላል። ዓይኑን ከእኛ ያነሳል። ወይም እንደ ደምሴ ምክንያት ፈጥሮ ከሥራው ይወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ከሰዎች ጋር አብሮ ይስቅና ሳቁን ቶሎ ያቆማል። ይህ ያታልላል። የሳቀ ሁሉ አልተከፋም ማለት አይደለም።

ነገሩን የሚያባብሱ መልሶች

አበራ የደምሴን ፊት አይቶ ነገሩ ገባው እንበል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ወደ አፉ የሚመጣለት መልስ ከሚከተሉት አንዱ ነው።

«ቀልዴን እኮ ነው!» ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ለደምሴ የሚነግረው ነገር የለም። ቀልድ መሆኑንማ እሱም ያውቃል። የከፋው ቀልዱ የተቀለደው በእሱ ድህነት ላይ ስለመሰለው ነው።

«አንተ ደግሞ ቀልድ አታውቅም!» ይህ ሁለተኛ ስድብ ነው። ጥፋቱን ከተናጋሪው አንስቶ በአድማጩ ላይ ይጭናል።

«ከፍቶህ ከሆነ ይቅርታ፤ ግን በሬህም እኮ በጣም ከስቷል።» እዚህ ውስጥ ሁለት ስሕተት አለ። «ከፍቶህ ከሆነ» ማለት መከፋቱን መጠራጠር ነው። ሰውየው ጅራፉን ጥሎ ሲሄድ እየታየ «ከሆነ» አይባልም። ሁለተኛው ስሕተት «ግን» የምትለው ቃል ናት። ከ«ግን» በፊት የተባለውን ይቅርታ ከ«ግን» በኋላ የመጣው ወቀሳ ይሽረዋል። ሰው የሚይዘው የመጨረሻውን ነው።

«ልጄ ይሙት እንዲያ ብዬ አላሰብኩም!» መሐላ ሲበዛ ነገሩ ችሎት ፊት የቀረበ ይመስላል። አበራ ተከሳሽ፣ ደምሴ ከሳሽ ይሆናል። ደምሴ የሚፈልገው ግን ዳኝነት አይደለም፤ እንዳልተናቀ ማወቅ ነው።

አራቱም መልሶች የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። ሁሉም የሚጠብቁት ተናጋሪውን ነው። የተከፋው ሰው ግን ገና አልተሰማም።

ንግግሩን እንዴት እንጠግነው?

1ኛ. ሳቁን እናቁም። አበራ በሬዎቹን አቁሞ እርፉን ይልቀቅ። ሌሎቹ እየሳቁ የሚነገር ይቅርታ ሌላ ቀልድ ይመስላል።

2ኛ. ከራሳችን ሐሳብ በፊት እሱ የሰማውን እንናገር። አበራ ወደ ደምሴ ቀርቦ በዝግታ፣ «አያ ደምሴ፣ ንግግሬ በሬህንም አንተንም የናቅሁ አስመሰለኝ አይደል?» ይበለው። ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቅ። ደምሴ «ታዲያ ምን ልትል ፈልገህ ነው? ያጣሁትን አጥቼ እኮ ነው» ቢል፣ አበራ በመሀል ገብቶ አይመልስ። እስከ መጨረሻው ይስማው። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ቦታ ነው። ምላሳችን ቶሎ «አይደለም!» ሊል ይቸኩላል።

3ኛ. የደረሰበትን እንቀበል። «እውነትህን ነው፤ በሰው ፊት እንዲያ መባል ይከፋል። ይቅር በለኝ» ይበል። ይህን ማለት «ልሰድብህ አስቤ ነበር» ብሎ ማመን አይደለም። አበራ አላሰበም። ሳያስቡ የረገጡት እግርም ግን ያማል። እግር የረገጠ ሰው መጀመሪያ እግሩን ያነሳል እንጂ ለምን እንደረገጠ አያስረዳም።

4ኛ. ሐሳባችንን በአጭሩ እንግለጽ። ተራው አሁን ነው። «እኔ ያየሁት የበሬዎቹን አካሄድ ነበር። ያለ አንተ በሬ ይህ ማሳ እንደማይታረስ አውቃለሁ።» ይኸው በቃ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያሰበውን ይናገራል። ሁለተኛው ደምሴ የፈራውን ያነሳለታል። ከዚህ በላይ ቢረዝም፣ ወይም ቀልዱን ደግሞ ለማስረዳት ቢሞክር፣ «ይሸኘዋል» የምትለው ቃል እንደገና ትሰማለች፤ ቁስሉም ይነካል።

5ኛ. የሰሙትም ይስሙ። ቀልዱ የተነገረው በሁለት ጎረቤቶች ፊት ነው። ይቅርታው በጓሮ ብቻ ከሆነ ጎረቤቶቹ ጋ የቀረው ቀልዱ ነው። ማታ በየቤታቸው የሚያወሩትም እሱኑ ነው። ስለዚህ አበራ ወደ እነሱ ዞር ብሎ፣ «በሬው የከሳው ጭድ አልቆ ነው። ከስቶም ማሳዬን እያረሰልኝ ነው» ይበል። ለእነሱም አንድ ቃል ይበቃል።

ከዚህ በኋላ «ታርቀናል አይደል?» እያሉ ማስጨነቅ አይገባም። ደምሴ ልቡ የሚመለስበት ጊዜ ይፈልጋል። አበራ ወደ እርፉ ይመለስና ሥራውን ይጠብቅ።

ይህ የማይበቃበት ጊዜ

አንዳንድ ጊዜ ቀልዱ ውስጥ እውነተኛ ቅሬታ ተደብቆ ይገኛል። አበራ «የእኔ በሬ ብቻውን እየደከመ ነው» የሚል ሐሳብ በልቡ ይዞ ከነበረ «ምንም አላሰብኩም» ማለት ውሸት ይሆናል። ደምሴም ውሸቱን ያውቀዋል። እንዲህ ሲሆን ስለ ቀልዱ ይቅርታ ተጠይቆ ቅሬታው በሌላ ቀን፣ ለብቻ፣ በግልጽ ይነገር። «አያ ደምሴ፣ በሬህ እስኪበረታ በየቀኑ ቀደም ብለን ብንፈታቸው ምን ይመስልሃል?» ቢለው ይህ ምክክር ነው። በቀልድ ሲነገር ግን ስድብ ነበር።

ሰውየው ጠላ ጠጥቶ ወይም በጣም ተቆጥቶ ከሆነ በዚያው ሰዓት ማስረዳት አይሳካም። «አስከፍቼሃለሁ፤ ነገ ጠዋት እመጣለሁ» ብሎ መለየት ይሻላል። በማግስቱ ግን የግድ መሄድ ነው። ከሰነበተ ነገሩ በሰው አፍ ያድጋል።

ስለ ሰው የአካል ጉዳት፣ ስለ ሞተበት ዘመድ ወይም ስለ ትዳሩ የተቀለደ እንደሆነ ደግሞ ሐሳብን ማስረዳት አያስፈልግም። ምን ቢያስቡ አይቀለድበትም ነበርና ይቅርታ ብቻ ይበቃል።

የተከፋው ሰው «በቤቴ አትምጣ» ቢል ሁለቱም የሚያምኑት አንድ ሽማግሌ ይላክ። በቦታው ከነበሩት አንዱ ቢሆን ይመረጣል። ቀልዱን ከወሬ ሳይሆን በጆሮው ሰምቶታልና።

መጠገኑን በምን እናውቃለን?

ደምሴ «ምንም አይደል» ስላለ ብቻ ነገሩ አልቋል አይባልም። «ምንም አይደል» የጨዋ ሰው አፍ ልማድ ነው። የሚታየው ምልክት ሌላ ነው። ሳይጠሩት ጨዋታ ይጀምራል። ምሳ ሲመጣ አብሮ ቀርቦ ይቆርሳል። በማግስቱ በሰዓቱ በሬውን ነድቶ ይመጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን ራሱ ደምሴ፣ «አያ አበራ፣ ዛሬ ደግሞ ሸኚው ማነው?» ብሎ የቀለደ ቀን ነው። ያን ጊዜ አበራ ቢስቅ አይከፋም። ቀልዱን የመለሰው ባለቤቱ ነውና።

ጥያቄዎች

1. አበራ ያሰበው ምን ነበር? ደምሴስ የሰማው ምንድን ነው?
2. ደምሴ መከፋቱ በምን ታወቀ?
3. «ከፍቶህ ከሆነ ይቅርታ» እና «ይቅር በለኝ» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
4. አበራ ለጎረቤቶቹም መናገር ለምን አስፈለገው?
5. በእናንተ አካባቢ በቀልድ የተቀያየሙ ሰዎች ካሉ፣ ስማቸውን ሳትጠሩ፣ ነገሩ በየትኛው ቃል እንደተባባሰ ተወያዩበት።