«ትልቅ» ወይስ «ታላቅ»? ቃሉን ከመምረጥዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ከእንግሊዝኛ ስንተረጉም ቢግ፣ ላርጅ እና ግሬት ሲያጋጥሙን ሦስቱንም «ትልቅ» ብለን ለማለፍ ይቃጣናል። አማርኛ ግን ቅጽሉን የሚመርጠው ከጎኑ ያለውን ስም አይቶ ነው። ስለዚህ ቃሉን ከመጻፍዎ በፊት እነዚህን ይፈትሹ።

1. የተነገረው ስለ ምኑ ነው?
በዓይን ስለሚታይ መጠን ከሆነ «ትልቅ» ይበቃል፦ ትልቅ ድስት፣ ትልቅ በር። ስለ ቦታ ስፋት ከሆነ «ሰፊ» ይሻላል፦ ሰፊ እርሻ፣ ሰፊ ግቢ። ላርጅ ፋሚሊ ሲባል የተነገረው ስለ ቁጥር ነው፤ «ቤተሰቡ ብዙ ነው» ይበሉ። «የትልቅ ቤተሰብ ልጅ» ካሉ አንባቢው ስለ ዘርና ክብር ያወሩ ይመስለዋል። የጉዳት፣ የገንዘብ ወይም የፍላጎት ደረጃ ሲሆን ደግሞ «ከፍተኛ» ይመጣል።

2. ተቃራኒው ምንድን ነው?
ሲጠራጠሩ ነገሩን ይገልብጡት። ትልቅ ትንሽን፣ ታላቅ ታናሽን፣ ሰፊ ጠባብን፣ ብዙ ጥቂትን፣ ከፍተኛ ዝቅተኛን ይጠራል። «ዝቅተኛ ኪሳራ» ማለት ከቻሉ «ከፍተኛ ኪሳራ» ትክክል ነው። «ግዙፍ»ን ግን ዓይን ለሚሞላ ነገር ያቆዩት።

3. የተነገረው ስለ ሰው ነው?
እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። «ትልቅ ሰው» ዕድሜውን የጠገበ ወይም የተከበረ ሰው ነው፤ ቁመናውን አይነግርም። እንግሊዝኛው ስለ ሰውነቱ ካወራ «ግዙፍ» ወይም «ደንዳና» ይበሉ። በሥራው ስሙ የገነነው «ታላቅ ሰው» ነው። ቢግ ብራዘር «ታላቅ ወንድም» ይሆናል፤ ቁመቱ ከታናሹ ቢያንስም ታላቅነቱ አይቀርም።

4. ቀድሞ የጸና ስም አለው?
ካለ አዲስ አይፍጠሩ። የሁዳዴው ጾም «ዐቢይ ጾም»፣ ግሬት ብሪተን «ታላቋ ብሪታንያ»፣ የአያት አባት «ቅድመ አያት» ነው። አንድ ሰው በደስታ «ግሬት!» ካለ ደግሞ «ግሩም ነው!» ብሎ መተርጎም ይበቃል።

አንድ ምሳሌ
እንግሊዝኛው የአንድ ነጋዴ ላርጅ መጋዘን ተቃጥሎ ግሬት ኪሳራ እንደደረሰበትና ቢግ ብራዘሩ እንደረዳው ይናገራል እንበል። በአማርኛ፦ «ሰፊ መጋዘኑ ተቃጥሎ ከፍተኛ ኪሳራ ደረሰበት፤ ታላቅ ወንድሙም ረዳው።» መጋዘኑን «ትልቅ» ቢሉት ስህተት አይሆንም፤ የወለሉን ስፋት ማጉላት ከፈለጉ ግን «ሰፊ» ይመረጣል። ለኪሳራው ግን የተነገረው ስለ ደረጃው ስለሆነ «ከፍተኛ» ይሻላል።

«ግሬት በአማርኛ ምን ይባላል?» ብሎ የሚጠይቅዎ ሰው ካለ፣ ከመመለስዎ በፊት «ግሬት ምን?» ብለው ይጠይቁት።