ቦታው የሞላ ስልክና የነጋዴው ሰነድ

ቀድሞ ነጋዴው የሚያስፈልገውን ወረቀት በብረት ሣጥን ቆልፎ ያኖር ነበር። ዛሬ የአቅራቢው ፕሮፎርማ፣ የጭነቱ ፎቶግራፍ፣ የባንኩ ደረሰኝና የገዢው ትእዛዝ ሁሉ በአንድ የእጅ ስልክ ውስጥ ይከማቻሉ። ሣጥኑ ሲሞላ ክዳኑ አልገጥም ስለሚል ባለቤቱ ወዲያው ያውቃል። ስልኩ ግን ሲሞላ መሙላቱን በግልጽ ከመናገሩ በፊት ሌላ ሌላ በሽታ ያሳያልና፣ ብዙ ሰው ሕመሙን ሳይለይ ወደ መድኃኒቱ ይቸኩላል። ከዚህም የተነሣ የሚደርሰውን ጉዳት አንድ ምሳሌ ያስረዳል።

በ2017 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ በመርካቶ የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጡ አንድ ነጋዴ ዕቃቸውን ከሞጆ ደረቅ ወደብ ለሚያነሣላቸው ባለመኪና ቅድሚያ ክፍያ ለመላክ የባንካቸውን መተግበሪያ ከፈቱ። መተግበሪያው ግን ሳይታደስ እንደማይሠራ አስታወቀ። ለማደስ ቢሞክሩ ስልኩ ቦታ የለኝም ብሎ እንቢ አለ። በዚያ ሳምንት ካሜራው ያነሣውን ሥዕል አላስቀምጥ ማለቱን፣ ቴሌግራሙም በተከፈተ ቁጥር ራሱን መዝጋቱን አስተውለው ነበር፤ ነገር ግን ስልኩ ስላረጀ ነው ብለው አልፈውት ነበር።

የሱቃቸው ሠራተኛ ጌታውን ለመርዳት ሲል በችኮላ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ በዋትስአፕ የመጡትን ሥዕሎችና ሰነዶች ጠራርጎ አጠፋ። ሁለተኛ፣ የባንኩን መተግበሪያ ፈጽሞ አውጥቶ እንደ አዲስ አስገባው። አሁን ቦታ ስለተገኘ መተግበሪያው በደኅና ገባ። ዳሩ ግን እንደ አዲስ የገባ ስለሆነ ቅርንጫፉ ብቻ የሚሰጠውን የማስጀመሪያ ቍጥር ጠየቀ። ቅርንጫፉም እስከ ሰኞ ድረስ ተዘግቷል። ባለመኪናው ሌላ ጭነት ይዞ ሄደ፤ ዕቃውም በወደቡ ቆየ። ከጠፉት ሥዕሎች መካከል ደግሞ የጓንጁ አቅራቢ የኩሽኔታ ካርቶኖቹን ከመጫኑ በፊት አንሥቶ የላካቸው ይገኙ ነበር። ከዚያ በፊት በመጣው ጭነት ሁለት ካርቶን ጐድሎ ስለ ነበር፣ ነጋዴው ክርክራቸውን የመሠረቱት በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን፣ በዚያው ስልክ ውስጥ ያለ አንዳች ጉዳት ሊነሣ የሚችል 9 ጊጋባይት ያህል የቴሌግራም ክምችት እንደ ተቀመጠ ነበር። ተመልሶ የሚገኘው ቀርቶ ተመልሶ የማይገኘው ተጣለ።

የስልኩ ሒሳብ ይህን ይመስል ነበር። ስልኩ 32 ጊጋባይት የሚይዝ ነው ተብሎ የተገዛ ነው። ከዚህ ውስጥ 12 ያህሉን ስልኩን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዐት ራሱ ይዞታል፤ ይህ ሊነካ የሚችል አይደለም። ቴሌግራም 9፣ በካሜራ የተነሡት ሥዕሎችና ፊልሞች 4፣ ዋትስአፕ 3፣ የቀሩት መተግበሪያዎች 3 ከ700 ሜጋባይት ወስደዋል። አንድ ጊጋባይት 1,000 ሜጋባይት ያህል ስለሆነ፣ የተረፈው ባዶ ቦታ 300 ሜጋባይት ብቻ ነበር። በአንድሮይድ ስልኮች ባዶው ቦታ ወደ 500 ሜጋባይት ሲወርድ ሥርዐቱ ራሱ ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው በማያ ገጹ አናት ላይ Storage space running out የሚል ነው። ነጋዴው ይህን ቃል ስንት ቀን በጣታቸው ጠርገው እንዳሳለፉት አያስታውሱም።

ለመሆኑ 300 ሜጋባይት እያለ፣ 90 ሜጋባይት የሚመዝን እድሳት ስለምን አይገባም? መጋዘን ያለው ሰው ምክንያቱን በቀላሉ ይረዳዋል። አዲሱ ዕቃ የሚራገፈው አሮጌው ከወጣ በኋላ አይደለም። አሮጌው መተግበሪያ በቦታው እንዳለ አዲሱ ታሽጎ ይወርዳል፤ ከዚያም እሽጉ ተፈትቶ ይዘረጋል፤ አዲሱ በትክክል መግባቱ ከታወቀ በኋላ ብቻ አሮጌውና ባዶው ማሸጊያ ይነሣሉ። ስለዚህ በመካከሉ ባለው ጊዜ ከእድሳቱ ክብደት ብዙ እጥፍ የሚሆን ቦታ ያስፈልጋል። ሥርዐቱም ለራሱ ሥራ የሚያቆየው መጠባበቂያ ስላለ፣ የቀረውን እስከ መጨረሻው አሟጦ ለመተግበሪያዎች አይሰጥም።

ቴሌግራሙ ራሱን ይዘጋ የነበረውም ከዚሁ የተነሣ ነው። እንዲህ ያለ መተግበሪያ በተከፈተ ቁጥር አዲስ የመጡትን መልእክቶች በውስጥ መዝገቡ ላይ ይጽፋል። መጻፊያ ገጽ ሲያጣ ሥራውን መቀጠል ስለማይችል ይዘጋል። ከሁሉ የሚያታልለው ግን የሰነድ መቀመጥ ነው። አንዳንድ መተግበሪያ በመጀመሪያ የሰነዱን ስም ይመዘግብና ከዚያ ይዘቱን መጻፍ ይጀምራል። ቦታው በመካከሉ ካለቀ ስሙ በዝርዝሩ ላይ ይታያል፤ ውስጡ ግን ባዶ ወይም ግማሽ ነው። ጸሓፊው ደረሰኙን አስቀምጫለሁ ብሎ ያምናል፤ በተፈለገ ጊዜ ግን አይከፈትም። ይህን ለመለየት ከስሙ አጠገብ የተጻፈውን መጠን መመልከት ይበቃል፤ 0 B የሚል ከሆነ የተቀመጠ ነገር የለም ማለት ነው።

እንግዲህ ችግሩ ከቦታ ማነስ ይሁን ከሌላ እንዴት ይታወቃል? አንድ መተግበሪያ ብቻ ሲታመም ጥፋቱ በአብዛኛው የራሱ ነው። ካሜራው፣ ቴሌግራሙና እድሳቱ በአንድ ሳምንት አብረው እንቢ ካሉ ግን ጥርጣሬው ወደ ቦታው ይሄዳል። ማረጋገጫው Settings ገብቶ Storage የሚለውን መክፈት ነው፤ የተያዘውና የቀረው በዚያ ተጽፎ ይገኛል። ስልክ ጥገና ቤት በሚነገረው ወሬ ብዙ ሰው ራም የሚባለውን ከዚህ ጋራ ያደባልቃል። ራም ስልኩ በሥራ ላይ ሳለ ብቻ የሚጠቀምበት፣ ሲጠፋ የሚራገፍ ጊዜያዊ ሰሌዳ ነው። እርሱን የሚያጸዱ ናቸው የሚባሉት መተግበሪያዎች ለሰነድ ቦታ አያስገኙም፤ እንዲያውም ራሳቸው ገብተው የቀረውን ጥቂት ቦታ ይይዛሉ።

ቦታ ሲለቀቅ ከቴሌግራም መጀመር የሚበጀው በጠባዩ ምክንያት ነው። ቴሌግራም የተላከውን ሥዕልና ሰነድ በራሱ ማእከል ያኖራል፤ በስልኩ ላይ ያለው ቅጂ ነው። ቅጂው ቢነሣ መልእክቱ በቦታው ይቀራል፤ ሲነኩት እንደገና ይወርዳል። መንገዱም በቴሌግራም ውስጥ Settings፣ ቀጥሎ Data and Storage፣ ቀጥሎ Storage Usage ነው። እዚያ ፊልሙ፣ ሥዕሉና ሰነዱ ምን ያህል እንደ ያዙ ተለይቶ ይታያል፤ Clear Cache ሲባል የተመረጠው ይነሣል። በዚያ ስልክ ከ9 ጊጋባይቱ 6 ያህሉ ነጋዴው ከገቡባቸው የዋጋ ማስታወቂያ ቻናሎች የመጡ፣ አንድም ቀን ያልታዩ ፊልሞች ነበሩ። ይህ እንዳይደገም በዚያው ገጽ Auto-Remove Cached Media በሚለው ሥር ቅጂው በስልኩ ላይ የሚቆይበትን ጊዜ መወሰን ይቻላል፤ ለቻናሎች አንድ ሳምንት ይበቃል።

ነገር ግን ይህም ወሰን አለው። ላኪው መልእክቱን ካጠፋው ወይም ቻናሉ ከተዘጋ እንደገና የሚወርድ ነገር የለም። Secret Chat በሚባለው የተላከም በማእከሉ አይገኝም። ስለዚህ የውል ሰነድ የያዙት ንግግሮች ለብቻ ታይተው አስፈላጊው ሰነድ አስቀድሞ ወደ ሌላ ስፍራ ይቀዳ። እንደገና ማውረድም የኢንተርኔት ጥቅል ያስወጣል።

ዋትስአፕ በዚህ በኩል ከቴሌግራም ፈጽሞ ይለያል። መልእክቱ ለተቀባዩ ከደረሰ በኋላ ሥዕሉና ሰነዱ የሚኖሩት በተቀባዩ ስልክ ላይ ነው። ከዚያ ከጠፉ፣ አስቀድሞ መጠባበቂያ ቅጂ ካልተያዘ በቀር፣ ላኪውን እንደገና ላክልኝ ብሎ ከመለመን ሌላ መንገድ የለም። ስለሆነም ማጥፋት ከመጀመሩ በፊት ስልኩን በገመድ ከኮምፒዩተር ጋራ አገናኝቶ ሰነዶቹን መቅዳት ይገባል። በአሁኖቹ አንድሮይድ ስልኮች የሚገኙት በዚህ አቃፊ ነው፦

```
Android/media/com.whatsapp/WhatsApp/Media
```

በውስጡ WhatsApp Documents እና WhatsApp Images የሚሉት ሁለቱ ለነጋዴ የሚጠቅሙት ናቸው። የተቀዳው በኮምፒዩተሩ ላይ መከፈቱ ከታየ በኋላ፣ በዋትስአፕ ውስጥ በ Settings፣ በ Storage and data፣ በ Manage storage በኩል ገብቶ ትልልቆቹን እየመረጡ ማንሣት ነው። ለበዓል የተላከ የመልካም ምኞት ፊልም አንዱ ብቻውን ከብዙ ደረሰኝ በላይ ይመዝናልና፣ ሥራው ከተገመተው ያጥራል።

በካሜራ የተነሣውን ያጠፋ ሰው ቦታው ስላልጨመረ ግራ ይጋባል። የተጣለው ሥዕል በብዙ ስልኮች ወዲያው አይጠፋም፤ Trash በሚባለው ቅርጫት አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ይቀመጣል፤ እስከዚያም ቦታውን እንደያዘ ነው። ቅርጫቱን ባዶ ማድረግ ያስፈልጋል። በስሕተት የተጣለም ካለ እስከዚያ ድረስ ከዚያው ይመለሳል።

ጥንቃቄ የሚሻው ሌላው ነገር በስልኩ Settings ውስጥ በየመተግበሪያው ስም ሥር ጐን ለጐን የሚታዩት ሁለት ትእዛዞች ናቸው። Clear cache የሚለው ጊዜያዊውን ቅራቅንቦ ብቻ ያነሣል፤ ጉዳት የለውም። Clear storage፣ በአንዳንድ ስልክም Clear data የሚለው ግን መተግበሪያውን ገና ዛሬ እንደገባ ያደርገዋል። ይህን በባንክ መተግበሪያ ላይ መጫን መተግበሪያውን ከማውጣት አይለይም፤ የምስጢር ቍጥሩም ምዝገባውም ከስልኩ ይጠፋል። የባንኩ መተግበሪያ አልታደስ ሲል እርሱን እንዳለ ትቶ ከሌላ ዘንድ አንድ ወይም ሁለት ጊጋባይት ማስለቀቅ፣ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት፣ ከዚያም እድሳቱን እንደገና መጀመር ይሻላል።

ቦታ ተለቆም እድሳቱ እንቢ የሚልበት ጊዜ አለ። በፕሌይ ስቶር የሚነበበው ቃል ስለ ቦታ ሳይሆን ስልኩ ከዚህ እትም ጋራ አይስማማም የሚል ከሆነ፣ በአብዛኛው ያረጀው የስልኩ ሥርዐት ነው። ለዚህ ምንም ያህል ሰነድ ቢጠፋ መፍትሔ አይሆንም፤ የስልኩን ሥርዐት ማደስ፣ ያ ካልተቻለም ስልኩን መለወጥ ግድ ነው። ተጨማሪ የማስታወሻ ካርድም ሥዕልና ሰነድ ይቀበላል እንጂ፣ መተግበሪያዎቹ የሚታደሱበትን የውስጥ ቦታ በአብዛኛው አያሰፋም።

ነጋዴው ሰኞ ጧት ከቅርንጫፉ ቍጥሩን ተቀብለው ክፍያውን ላኩ፤ ዕቃው የተነሣው ግን ሌላ መኪና እስኪገኝ ቆይቶ ረቡዕ ነው። የጓንጁ አቅራቢም ተለምኖ ከሥዕሎቹ ሦስቱን መልሶ ላከ። በካርቶኖቹ ላይ ያለው ቍጥር የሚነበብበት አራተኛው ሥዕል ግን ከእርሱም ዘንድ አልተገኘም፤ ስለ ሁለቱ ካርቶኖች የነበረው ክርክርም በግማሽ ዋጋ ተዘጋ።