ጥር አያታልልሽ

ቆይ፣ ስልኩን አስቀምጪና ደብተርሽን ወዲህ አዙሪው። «ከገቢሽ አሥር በመቶ ቆጥቢ» የሚሉሽን ለጊዜው ተይው። እሱ ወር በገባ ቁጥር ደመወዙ ለሚደርሰው ሰው ይሆናል። አንቺ ግን ሹሩባ ሠሪ ነሽ፤ አንዱ ቅዳሜ እጅሽ እስኪዝል ትሠሪያለሽ፣ በሌላው በር በሩን ስታዪ ትውያለሽ። ያንቺን መቶኛ ከራስሽ ደብተር እናውጣው።

መጀመሪያ ገቢ ያልሽውን እናጥራ። ደንበኛዋ በቴሌብር የላከችልሽ ሁሉ ያንቺ አይደለም። የሚቀጠለው ፀጉር የተገዛበት፣ ቅባቱና የወንበሩ ኪራይ ይውጣለት። የቀረውን እዚህ ጎን ጻፍኩልሽ፦ መስከረም 9,000፣ ጥቅምት 6,000፣ ኅዳር 5,500፣ ታኅሣሥ 6,500፣ ጥር 14,000፣ የካቲት 4,000። በድምሩ 45,000 ብር። ለምን ስድስት ወር አልሽኝ? በአንድ ወር ካሰብሽው የጥርን ሠርግ አይተሽ ሀብታም ነኝ ትያለሽ፣ የካቲት ላይ ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ መቆጠብ የሚባል ነገር ለኔ አልተፈጠረም ትያለሽ። ሁለቱም ውሸት ነው።

አሁን ወጪ። ቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ታክሲ፣ እድር፣ የስልክ ካርድ፣ ለእማዬ የምትሰጫት፦ በወር 6,000፣ በስድስት ወር 36,000። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው ደብተሩን የሚዘጋው። አንቺ እንዳትዘጊው። የእንቁጣጣሽና የገና ወጪ የት ገባ? የጓደኛሽ ሠርግ ልብስስ? የስልክሽ መስታወት ሲሰበር፣ ክሊኒክ ስትሄጂ? እነዚህ በየወሩ ስለማይመጡ «ድንገተኛ» እንላቸዋለን እንጂ ገና በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ነው፣ ምን ድንገተኛ አለው! ደምረን 6,300 አገኘን። ጠቅላላ ወጪሽ 42,300 ነው፤ ለስድስት ስናካፍለው በወር 7,050።

ከ45,000 ላይ 42,300 ሲነሳ 2,700 ይቀራል። 2,700ን ለ45,000 አካፍለሽ በመቶ አባዢው፦ ስድስት። ከመቶ ብር ስድስት ብር። አሥር በመቶ ብትዪ ኖሮ 4,500 መቆጠብ ነበረብሽ፤ የሌለሽን 1,800 ብር ከየት ልታመጪ? ከባለሱቁ በዱቤ ነዋ።

ደግሞ ወሮቹን አንድ በአንድ እዪያቸው። ከስድስቱ አራቱ 7,050 አይሞሉም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የጎደለሽ 3,150 ነው፤ የመስከረም ትርፍ 1,950 ቢሸፍንልሽም 1,200ው ዱቤ ሆኖ ጥር ላይ ነው የከፈልሽው። ከዚያ የካቲት ብቻውን 3,050 ጎደለው። ስለዚህ የጥር ትርፍ አብዛኛው ቁጠባ አይደለም፣ የጎደሉት ወሮች ቀለብ ነው። ለብቻው አስቀምጪውና መሸጋገሪያ በዪው፤ ከ7,050 በላይ የገባሽ ወር ትርፉ እዚያ ይገባል፣ የጎደለ ወር ከዚያ ይሞላል። የቁጠባው ሒሳብ ሌላ ይሁን፣ አይቀላቀሉ።

ስድስትም ቢሆን ጣሪያው ነው። የያዝነው ስድስት ወር ጥርን የያዘ እንጂ መጋቢትን ያላየ ነው። መጋቢት ሙሉውን ጾም ነው፤ እንደ የካቲት 4,000 ብቻ ካስገባሽ ያ 2,700 አልቆ 350 ብር ይጎድልሻል። ስለዚህ በግማሹ፣ በሦስት ጀምሪ። ቅዳሜ ማታ የሳምንቱን የጠራ ገቢ ቁጠሪ፤ 1,600 ከሆነ 48 ብር ነው፣ ሃምሳ አድርጊውና ወዲያው አስገቢው። 400 ብቻ ከሆነ 12 ብር ነው፤ እሱንም አስገቢ፣ አትፈሪው። መቶኛ የያዝነው ገቢሽ ሲያንስ እሱም እንዲያንስልሽ ነው።

ዕቁቡን በተመለከተ፦ የሳምንት 500 ብር ዕቁብ ግቢ ያሉሽን እምቢ በያቸው። በወር 2,000 ብር ያህል ነው፣ ሳምንቱ ቢሞላም ባይሞላም ይጠየቃል፣ ጾም ላይ ካቃተሽ ደግሞ ዋስሽ ናት የምትጨነቀው። የሃምሳ ብር ካገኘሽ፣ ያው የቁጠባሽ ሦስት በመቶ ዕቁብ ይሁን፣ ተጨማሪ አይሁን።

ፋሲካና የግንቦት ሠርጎች ሲያልፉ ደብተሩን እንደገና እንከፍታለን። እስከዚያ መሸጋገሪያው ሳያልቅ ሰኔ ከደረሰ ወደ አራት ከፍ እናደርገዋለን። ሁለት ወር ተከታትሎ ከቁጠባው ላይ ለዘይትና ለሽንኩርት ካወጣሽ ግን ሦስቱም በዝቶብሻል ማለት ነው፤ ወደ ሁለት አውርጂው፣ ለኔም ደውዪልኝ፣ ከወጪው መስመር ላይ የረሳነውን አብረን እንፈልጋለን።