ስለ ወስፋት፤ ባዶውን ቦታ መሙላት

እናቶች ሆይ፤ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት ያመጡትን የባዮሎጂ ጥያቄ አብረን እንሙላ። ለእያንዳንዱ ባዶ ቦታ የሚስማማው አንድ ቃል ብቻ ነው።

1ኛ/ ያደገው ወስፋት የሚኖረው በቀጭኑ ______ ውስጥ ነው።
መልሱ አንጀት ነው። «ሆድ» ብንል «ቀጭኑ» ከሚለው ጋር አይገጥምም።

2ኛ/ ከዓይነ ምድር ጋር የወጣው የወስፋት እንቁላል የሚበስለው በእርጥብ ______ ውስጥ ነው።
«ሰውነት» የሚል ልጅ አይታጣም፤ ግን አይሆንም። እንቁላሉ ገና እንደ ወጣ ቢዋጥ አያሲዝም፤ በሞቃት ጊዜም ቢሆን ከ2 እስከ 3 ሳምንት አፈር ውስጥ መቆየት አለበት። እንግዲህ ልጁ ዛሬ ጓሮ የተጸዳዳው ደርቆ ቢጠፋም፣ በወሩ እዚያው አፈር ላይ የሚጫወተው ታናሹ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ይዋጠዋል። መልሱ አፈር ነው።

3ኛ/ የተፈለፈለው እጭ በደም ተጉዞ ______ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ጉሮሮ ወጥቶ እንደገና ይዋጣል።
መልሱ ሳንባ ነው፤ አንዳንዱን ልጅ በዚያን ጊዜ የሚያስለውም ለዚህ ነው።