የመድኃኒት ሣጥን በፎቶ ሲመረመር

ቡራዩ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦና ወደ ወለጋ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች፣ ዛሬ የሸገር ከተማ አካል የሆነች ከተማ ናት። የቡራዩ ደጋ የወባ አገር አይደለም፤ መንገዱ የሚያመራባቸው ቆላዎች ግን ናቸው፤ በቅርብ ዓመታትም ምዕራብ ኦሮሚያ ውስጥ ወባ ክፉኛ አገርሽቷል። ስለዚህ የወባ መድኃኒት ከዚህ ገዝቶ ለዘመድ የሚልክ አይጠፋም፤ ወለጋ ያለው ዘመድ ደግሞ እጁ የገባውን ሣጥን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም «ይሄ ደህና ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ከፎቶ ብቻ ሙሉ መልስ አያገኝም። ፎቶ ሐሰተኛ መድኃኒትን ሊያጋልጥ ይችላል፤ ትክክለኛ ነው ብሎ ግን ሊመሰክር አይችልም። ይህን ልዩነት ይዞ ለሚመለከት ሰው ፎቶው ብዙ ይነግረዋል፤ በተለይ የት ቦታ ላይ ማተኮር እንዳለበት ካወቀ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የሣጥኑን ፊት ነው፦ ቀለሙን፣ ዓርማውን፣ የሚያብለጨልጨውን ምልክት። አጭበርባሪው በደንብ የሚሠራውም በትክክል ይህንኑ ነው። የሣጥኑ ፊት አንድ ጊዜ ተቀድቶ በሺዎች የሚታተም ስለሆነ ገንዘብ ያለው ሁሉ በጥሩ ማተሚያ ቤት ሊያሠራው ይችላል። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ሐሰተኛ አርቴሱኔት በተስፋፋበት ጊዜ አምራቹ በማሸጊያው ላይ ሆሎግራም ለጥፎ ነበር፤ አጭበርባሪዎቹም ሆሎግራሙን ራሱን አስመስለው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የምርመራ ዘገባ ከ12 በላይ የተለያዩ የሐሰት ሆሎግራም ዓይነቶችን መዝግቧል። ስለዚህ «ሆሎግራም አለው» ማለት ብዙ አያስተማምንም።

አጭበርባሪውን የሚያስቸግረው ከፊቱ ይልቅ በኋላ የሚጨመረው ነው። የባች ቁጥር፣ የተመረተበት ቀንና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ከሣጥኑ ሥዕል ጋር አብረው አይታተሙም፤ ሣጥኑ መድኃኒቱን ይዞ በማሸጊያ መስመሩ ላይ ሲያልፍ በሌላ ማሽን ይመታሉ ወይም ይረጫሉ። ማሸጉም እንደዚሁ በመጨረሻ የሚሠራ ነው። አስመስሎ የሚሠራም ሆነ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት አድሶ የሚሸጥ ሰው እነዚህን ሁለት ሥራዎች አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጠረጴዛ ላይ ያከናውናቸዋል። እኔ ከሣጥኑ ፊት ይልቅ የቀኑን ቦታና የክዳኑን ጠርዝ ቀድማችሁ እንድታዩ የምመክረው ለዚህ ነው።

አሠራሩ ከፎቶ አነሳሱ ይጀምራል፤ በመጥፎ ፎቶ ላይ የሚደረግ ምርመራ ሰውንም መድኃኒትንም በሐሰት ያስከስሳልና። ሣጥኑን መስኮት አጠገብ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡት፤ የስልኩን ፍላሽ አጥፉ። ስልኩን በጣም አታስጠጉ፤ ሲቀርብ የሣጥኑ ጠርዞች ይጣመማሉ፣ ቀጥ ያለው መስመርም የተዛባ ይመስላል። ትንሽ ራቅ ብላችሁ አጉልታችሁ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። ስድስቱንም ገጾች፣ የተከፈተውን ክዳን ከውስጥ፣ የመመሪያ ወረቀቱን፣ ክኒኖቹ የተቀመጡበትን ብሊስተር በፊትም በኋላም አንሱ። የቀኑን ቦታ ግን ሁለት ጊዜ አንሱት፦ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ብርሃኑ ከጎን ዘንበል ብሎ እንዲያርፍበት አድርጋችሁ። ፎቶውን ስትልኩ በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ መተግበሪያው ይጨምቀዋል፣ ትንንሽ ፊደላትም ይደበዝዛሉ። አንዳንድ ስልኮች ደግሞ ምስሉን ለማሳመር ፊደልን ራሳቸው ያድሳሉ፤ በአንዱ ፎቶ ላይ የተበላሸ የመሰለ ፊደል በሁለተኛው ላይ ደህና ሆኖ ከታየ ጥፋቱ የስልኩ ነው።

ከዚያ ማነጻጸር ይከተላል፤ ከምንም በላይ ጠቃሚው እርምጃ ይህ ነው። ከታመነ ምንጭ የተገኘ የዚያኑ አምራች፣ የዚያኑ መጠንና ተቀራራቢ የምርት ዘመን ሣጥን ካለ ሁለቱን ጎን ለጎን በአንድ ፎቶ ውስጥ አስገቧቸው። ቀለም ከብርሃኑና ከስልኩ ጋር ስለሚለዋወጥ በተለያየ ፎቶ ላይ ያሉ ሁለት ቀለሞችን ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው፤ በአንድ ፎቶ ውስጥ ግን ልዩነቱ ይታያል። ከኢንተርኔት የተገኘ ሥዕል ለዚህ ደካማ ማነጻጸሪያ ነው፤ አንድ ኩባንያ ለየአገሩ የተለያየ ማሸጊያ ያዘጋጃል፣ በየጊዜውም ይለውጣል። የተለየ መሆኑ ብቻውን ወንጀል አይደለም።

ፊደላቱን ስታነቡ ከንግድ ስሙ ይልቅ የመድኃኒቱን መጠሪያ ፊደል በፊደል ተከታተሉ። የአርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን ሣጥን ከሆነ በስክሪኑ ላይ `Artemether` እና `Lumefantrine` የሚሉት ሳይጎድሉና ሳይጨመሩ መነበብ አለባቸው፤ በሣጥኑ፣ በመመሪያ ወረቀቱና በብሊስተሩ ላይም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። የአምራቹ አድራሻና የማስቀመጫ ሙቀት መጠንም የሚዘነጉ ቦታዎች ናቸው፤ ስለሚረሱም ስህተት ይበዛባቸዋል። እውነተኛ ፋብሪካም ይሳሳት የለም ወይ የሚል ሰው ትክክል ነው። የፋብሪካ ስህተት ግን ባሕርይ አለው፦ ቀለሙ ትንሽ ይሸሻል፣ ቁጥሩ ይገረጣል፣ ስህተቱም በዚያው ባች ሣጥኖች ላይ በተመሳሳይ መልኩ ይደጋገማል። የመድኃኒቱ ስም በሣጥኑ ላይ በአንድ መንገድ፣ በብሊስተሩ ላይ በሌላ መንገድ ከተጻፈ ግን የማሽን መንሸራተት አያስረዳውም።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባለ 24 ክኒን የወባ መድኃኒት ሣጥን ፎቶ ደረሰ እንበል። በክዳኑ ላይ `MFG 04/2023`፣ ከሥሩ `EXP 03/2027` ይላል። ሲያዩት ደህና ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ቀኖች እናቀናንስ፦ ከሚያዝያ 2023 እስከ መጋቢት 2027 አራት ዓመት ይሆናል። ለዚህ ዓይነት መድኃኒት የተለመደው የአገልግሎት ዘመን ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ስለሆነ ጥርጣሬ ይነሳል። ቀጥሎ ብርሃን ከጎን ያረፈበትን ፎቶ እናያለን። የሣጥኑ ገጽ በሙሉ ያንጸባርቃል፤ በዓመተ ምሕረቱ የመጨረሻ ቁጥር ዙሪያ ግን ጥፍር የምታህል ደብዛዛ ቦታ አለች። ይህ የሚሆነው የታተመውን ቀለም በአሴቶን ወይም በመሰል ፈሳሽ ሲጠርጉት ወይም ሲፍቁት ሽፋኑ አብሮ ስለሚነሳ ነው። «7» የምትለዋ ቁጥርም በጎኗ ካሉት ቁጥሮች ትንሽ ወፍራም ናት፤ እግሯ ከመስመሩ ዝቅ ብሏል።

እስካሁን ያለን ጥርጣሬ ነው። ወደ ብሊስተሩ እንሂድ። በብዙ ብሊስተሮች ጫፍ ላይ ቀኑ የሚቀመጠው በቀለም ሳይሆን ፎይሉ ውስጥ ተረግጦ ነው፤ ከፊት ለፊት በሚመጣ ብርሃን አይታይም፣ ከጎን ሲበራ ግን ጥላ ያወጣል። በምሳሌያችን `03 2025` የሚል ይነበባል። ሣጥኑና ብሊስተሩ ተጣልተዋል። በሣጥኑ ላይ አራት ማዕዘን የነጥብ ኮድ ካለ ሦስተኛ ምስክር አለ፤ ከፎቶው ላይ እንዲህ ዓይነቱን ኮድ በሚያነብ መተግበሪያ ሲነበብ ከሚወጣው ረጅም ተከታታይ መሐል እንዲህ የሚል ይገኛል፦

```
17250331
```

በዓለም አቀፉ የመድኃኒት ኮድ አጻጻፍ `17` ማለት ቀጥሎ የሚመጡት ስድስት ቁጥሮች የማብቂያ ቀን ናቸው ማለት ነው፤ በዓመት፣ በወርና በቀን ቅደም ተከተል። ይህ መጋቢት 31 ቀን 2025 ነው። ቀኑን የፋቀው ሰው ኮዱን መለወጥ አልቻለም ወይም አላሰበበትም። ከዚህ በኋላ የሚቀር ክርክር የለም፤ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ነው፤ የአገልግሎት ዘመኑም በእጅ ተራዝሟል።

ስለ ማሸጊያው ስንመጣ ዓይን የሚፈልገው ወጥነትን ነው። ብሊስተር የሚታሸገው ፎይሉና ፕላስቲኩ በሙቀት ሲጫኑ ስለሆነ በፎይሉ ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘን ወይም ነጥብ እየተደጋገመ ይቀራል፤ ይህ ንድፍ በሁሉም ክኒኖች ዙሪያ አንድ ዓይነት ነው። በአንዱ ክኒን ዙሪያ ብቻ ንድፉ ከጠፋ፣ ፎይሉ ከተሸበሸበ ወይም ሙጫ የመሰለ ነገር ካበራ ተከፍቶ እንደገና ተለጥፏል ማለት ነው። የካርቶን ክዳን ላይ ደግሞ የወረቀት ጭረት፣ በአሮጌው ሙጫ ላይ የተደረበ አዲስ ሙጫና ከቦታው የተዛነፈ ማሸጊያ ተለጣፊ ይፈለጋል። በሽሮፕ ጠርሙስ ላይ ከክዳኑ ሥር ያለው ቀለበት ተበጥሶ ከሆነ ተከፍቷል። የተሰባበረ ጠርዝ ብቻ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ከጅምላ አከፋፋይ ተጭኖ የመጣ ሣጥን ይጎሳቆላል።

ፎቶው ምንም ችግር ካላሳየስ? ንጹሕ ፎቶ ምንም አያረጋግጥም የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ልክም ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አንጎላ፣ ሉዋንዳ ወደብ ላይ በድምፅ ማጉያ ሣጥኖች ውስጥ ተደብቆ የተያዘው ሐሰተኛ ኮአርቴም 1.4 ሚሊዮን ያህል ፓኬት ነበር፤ ክኒኖቹ ሲመረመሩ ፈዋሽ ንጥረ ነገር አልተገኘባቸውም፤ ቢጫ ቀለሙ ግን ነበራቸው። የባች ቁጥሩ ትክክል መሆኑም ማረጋገጫ አይሆንም፦ የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 ስለ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ ባወጣው ማስጠንቀቂያ ከተዘረዘሩት ባቾች አንዱ እውነተኛ የአምራቹ ቁጥር ነበር፤ መድኃኒቱ ግን ሐሰተኛ። ከዚህም ሌላ በፋብሪካ በሕጋዊ መንገድ ተመርቶ ጥራቱ የወረደ መድኃኒት አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ በኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት ከሰበሰባቸው የአንጀት ትላትልና የጃርዲያ መድኃኒቶች ወደ ግማሽ የሚጠጉት የጥራት መስፈርቱን አላሟሉም፤ እንዲህ ያለውን ጉድለት ካሜራ አያየውም፣ የሚያየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ከንጹሕ ፎቶ በኋላ የሚሰጠው ትክክለኛ መልስ «የሚታይ ችግር አላገኘሁም» ነው፤ «ደህና ነው፣ ዋጠው» አይደለም።

ፎቶው ችግር ሲያሳይ ደግሞ ወደ ሻጩ ሄዶ መጨቃጨቅ አይጠቅምም፤ ሻጩ ራሱ የተታለለ ሊሆን ይችላል፤ ሣጥኑን ከመለሱለት ደግሞ ማስረጃው ይጠፋል። መድኃኒቱን አትውሰዱ፣ አትጣሉትም። ታማሚው ያለ መድኃኒት እንዳይቀር ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ወባ ቀን አይሰጥም። የቀሩትን ክኒኖች በነበሩበት ሣጥን፣ ከደረሰኙ ጋር፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ። ወደ ኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ስትደውሉ የመድኃኒቱን ስም፣ የአምራቹን ስም፣ የባች ቁጥሩን፣ ሁለቱን ቀኖችና የተገዛበትን ቦታ ንገሩ፤ ፎቶዎቹን ሳትቆርጡና ሳታስተካክሉ፣ እንደተነሱ፣ ሲጠየቁ ለመላክ አዘጋጁ። የሻጩን ስምና የሣጥኑን ፎቶ በፌስቡክ መለጠፍ ግን ምርመራ ከመጀመሩ በፊት አከፋፋዩ የቀረውን ክምችት እንዲሰውር ጊዜ ይሰጠዋል።